የት እንደሄደ አላውቅም፦ በአማርኛ ስለ ኢቀጥተኛ ጥያቄና ስለ ተዘገበ ንግግር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ከሚማሩ ሰዎችና ከአስተማሪዎቻቸው በብዛት የሚነሡ ናቸው። አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ግሱን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል የሚያስቀምጥ ተማሪዎች፣ ለምሳሌ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ቻይንኛ ተናጋሪዎች፣ በቀላል ዐረፍተ ነገር ላይ ግሱን መጨረሻ ማድረግን ቶሎ ይለምዳሉ። አንዱ ዐረፍተ ነገር በሌላው ውስጥ ሲገባ ግን የለመዱት ሁሉ ይጠፋባቸዋል። እዚህ የምንመለከተው ይህንኑ ቦታ ነው።

ኢቀጥተኛ ጥያቄ ከቀጥተኛው በምን ይለያል?

ቀጥተኛ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ፣ ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ካሳ የት ሄደ?» ብንል «ሄደ» ማሰሪያ አንቀጽ ሆኖ ይዘጋዋል። ኢቀጥተኛ ጥያቄ ግን በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ የዚያ ዐረፍተ ነገር ተሳቢ ይሆናል። «ካሳ የት እንደሄደ አላውቅም» ስንል ማሰሪያ አንቀጹ «አላውቅም» ነው፤ «ካሳ የት እንደሄደ» የሚለው ሐረግ ደግሞ የማላውቀው ነገር ስለሆነ የተሳቢነት ቦታ ይዟል። ተሳቢ በአማርኛ ከግሱ በፊት ይመጣል፤ ስለዚህ ጥገኛው ጥያቄ ምንም ያህል ቢረዝም ከማሰሪያው በፊት ማለቅ ይኖርበታል። «ካሳ ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ ሳይሰናበት የት እንደሄደ አላውቅም» በሚለው ውስጥ አንባቢው «አላውቅም» እስኪደርስ መታገሡ የቋንቋው ጠባይ እንጂ የጸሐፊው ድክመት አይደለም።

«አላውቅም የት እንደሄደ» የሚሉ ተናጋሪዎችን እሰማለሁ። ታዲያ ለምን ስህተት ይባላል?

የሰሙት እውነት ነው፤ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ሰዎች በንግግር ላይ እንዲህ ይላሉ። ነገር ግን ሲሉ ልብ ብለው ቢያዳምጧቸው «አላውቅም» ላይ ድምፃቸው ይወርድና ዐረፍተ ነገሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ትንሽ ቆም ብለው፣ አድማጩ ምኑን እንደማያውቁ እንዳይደናገር «የት እንደሄደ» የሚለውን ይጨምሩለታል። ጭማሪው የኋላ ሐሳብ ነው። ተማሪው ግን ሳይቆም፣ ድምፁንም ሳያወርድ፣ የራሱን ቋንቋ ቅደም ተከተል ይዞ በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፤ ለጆሮ እንግዳ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፍ ላይ ድምፅም ቆምታም ስለሌለ የኋላ ሐሳቡ ቦታ የለውም፤ በጽሑፍ ማሰሪያው መጨረሻ ይሁን። «እንጃ» የሚለው ቃል ብቻ ከዚህ ነፃ ነው፤ «እንጃ የት እንደሄደ» እና «የት እንደሄደ እንጃ» ሁለቱም ይባላሉ፤ ይሁንና «እንጃ» ራሱ የንግግር ቃል ስለሆነ መደበኛ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይገባም።

ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ «የት ሄደ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ተሳስተሃል ተባልኩ። ለምን?

ቦታው ተስተካክሏል፤ ግሱ ግን አሁንም ማሰሪያ እንደሆነ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ማሰሪያ ጎን ለጎን ሊኖረው ስለማይችል የመጀመሪያው ግስ በ«እንደ» ወደ ጥገኝነት መለወጥ አለበት። ሲለወጥ የሚደርስበት ነገር እንደ ግሱ ዐይነት ይለያያል። ኀላፊው ግስ ቀላል ነው፤ «ሄደ» «እንደሄደ» ይሆናል፤ «ሄዷል» የሚለውም እንዲሁ ወደ «እንደሄደ» ይመለሳል። የአሁንና የትንቢት ግስ ግን መጨረሻው ላይ ያለውን «አል» ይጥልና ከፊቱ «ም» ይወስዳል፤ ስለዚህ «ይሄዳል» «እንደሚሄድ» እንጂ «እንደይሄዳል» አይሆንም። «ነው» «እንደሆነ»፣ «ነበር» «እንደነበር»፣ «አለ» «እንዳለ»፣ «የለም» ደግሞ «እንደሌለ» ይሆናሉ።

አሉታው ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። «አልሄደም» የሚለው ግስ የመጨረሻዋን «ም» የሚይዘው ማሰሪያ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጥገኛ ሲሆን «ለምን እንዳልሄደ» ይባላል። ተማሪው «ለምን እንዳልሄደም አላውቅም» ብሎ ከጻፈ ስህተቱ ወዲያው አይታወቅም፤ አንባቢው «ም»ን እንደ መደመሪያ ያነባትና «ከሌላው ነገር በተጨማሪ ያልሄደበትንም ምክንያት አላውቅም» የሚል ትርጉም ይሰጣታል። ሰዋስዉ ሳይሆን ትርጉሙ ስለሚዛባ አራሚዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

«የት ነው የሄደው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኢቀጥተኛ እንዴት እለውጠዋለሁ?

ከሁሉም የበለጠ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። ሰዎች ሲነጋገሩ «የት ሄደ?» ከማለት ይልቅ «የት ነው የሄደው?» ማለት ይቀናቸዋል። ተማሪም ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው ስለሚማር በቅድሚያ የሚሸመድደው ይህንን ነው። የዚህ ጥያቄ ልዩ ጠባይ ማሰሪያው «ነው» መሀል መግባቱ ነው። መደበኛ ቅደም ተከተሉ «የሄደው የት ነው?» ነበር፤ በንግግር ግን የሚጠየቀው ነገር ወደ ፊት ሲመጣ «ነው»ን ይዞት ይመጣል፣ «የሄደው» ደግሞ ኋላ ይቀራል።

አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ ወደ ጥገኛነት ሲለውጥ በየደረጃው የሚሆነውን እንከተል። የመጀመሪያው ሙከራ «አላውቅም የት ነው የሄደው» ነው፤ የራሱ ቋንቋ ቅደም ተከተል ከነጥያቄው ተገልብጧል። ከታረመ በኋላ «አላውቅም»ን ወደ መጨረሻ ይወስድና «የት ነው የሄደው አላውቅም» ይላል፤ አሁን ሁለት ማሰሪያዎች አሉ። ቀጥሎ «ነው» «እንደሆነ» እንደሚሆን ይማርና ባለበት ቦታ ይለውጠዋል፤ «የት እንደሆነ የሄደው አላውቅም» የሚለው ይወጣል። ይህ ሦስተኛው እጅግ አሳሳች ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፣ በፈጣን ንግግርም አልፎ አልፎ ይሰማል። ችግሩ ጥገኛው ሐረግ መዝጊያ ግሱን መሀሉ ላይ መያዙ ነው። በጥገኛ ሐረግ ውስጥም እንደ ዋናው ዐረፍተ ነገር ግሱ መጨረሻ ላይ መቀመጥ ስላለበት፣ «የሄደው» ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስና «የሄደው የት እንደሆነ አላውቅም» ይሆናል።

ሌላም አጭር መንገድ አለ፤ እኔ በበኩሌ ለጀማሪዎች የማስተምረው እሱን ነው። «ነው»ንና «የ»ን ሁለቱንም ትቶ ግሱን በቀጥታ መለወጥ ነው፤ «የት ነው የሄደው?» መጀመሪያ «የት ሄደ?» ይሆናል፣ ከዚያ «የት እንደሄደ»። በዚህ መንገድ «ፈተናው መቼ ነው የሚጀመረው?» «ፈተናው መቼ እንደሚጀመር» ይሆናል፣ «ማን ነው የነገረህ?» ደግሞ «ማን እንደነገረህ»። ሁለቱ መልኮች ፍጹም አንድ አይደሉም፤ «የሄደው የት እንደሆነ» የሚለው መሄዱን እንደታወቀ ወስዶ ትኩረቱን ሁሉ ቦታው ላይ ያሳርፋል። ትኩረቱ ካላስፈለገ ግን አጭሩ ይበቃል፤ በጽሑፍም የበለጠ የሚያምረው እሱ ነው።

ጠያቂው ቃል በጥገኛው ሐረግ ውስጥ የት ይቀመጣል?

ከግሱ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። «ፈተናው መቼ እንደሚጀመር» የሚለው ቀና ነው፤ «መቼ ፈተናው እንደሚጀመር» ግን ስህተት ሊባል ባይችልም ጠያቂውን ቃል ሁልጊዜ በሐረጉ መነሻ ላይ የማድረግ ልማድ ከሌላ ቋንቋ እንደመጣ ያሳብቃል። በአማርኛ ማንም ቃል ጥያቄ ስለጠየቀ ብቻ ከቦታው አይነሣም፤ የባለቤት ጥያቄ በባለቤት ቦታ፣ የተሳቢ ጥያቄ በተሳቢ ቦታ ይቀመጣል። «አልማዝ ማንን እንደጠራች» እና «አልማዝን ማን እንደጠራት» የሚሉትን ቢያስተያዩ ማን ጠሪ ማን ተጠሪ እንደሆነ የሚነግርዎት «ን» እና ከግሱ ጋር ያለው ስምምነት ነው።

መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚሆን ጥያቄ እንዴት ይለወጣል? «ከመጣ አላውቅም» ትክክል ነው?

ትክክል አይደለም። «ከመጣ» ሁኔታን ያመለክታል፤ «ከመጣ ንገረኝ» ማለት መምጣቱ ሲረጋገጥ ብቻ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ብዙ ቋንቋዎች ለሁኔታና ለጥርጣሬ አንድ ቃል ስለሚጠቀሙ ተማሪው ሁለቱንም በ«ከ» ይገልጻቸዋል። አማርኛ ለጥርጣሬ ሌላ መንገድ አለው፤ «መጥቶ እንደሆነ አላውቅም»፣ «ይመጣ እንደሆነ ጠይቀው»፣ ወይም በአርእስቱ ሁለቱንም ወገን በማንሣት «መምጣት አለመምጣቱን አላውቅም» ይባላል። የመጨረሻው በጽሑፍ ላይ ከሁሉም የጠራ ነው፤ በዚህም ጊዜ «ን» መዘንጋት የለባትም፣ አርእስቱ ስም ሆኖ በተሳቢነት ስለገባ።

«ወይ» የምትለዋ መጠየቂያም ከ«እንደ» ጋር አትገባም። «መጣ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከነ«ወይ» ለማቆየት ከፈለጉ ከኋላው «ብሎ» ይጨምሩ፤ «ካሳ መጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ» ይባላል። ይህም ወደ ተዘገበ ንግግር ያሻግረናል።

ጓደኛዬ ካሳ ፈተና ማለፉን ሲነግረኝ ለሌሎች «ካሳ ፈተናውን አልፏል አለኝ» አልኳቸው። «ማን ነው ያለፈው?» ብለው ለምን ጠየቁኝ?

በአማርኛ «አለ» የሚለው ግስ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ የሚያቀርብ ስለሆነ ነው። ካሳ የተናገረው «አልፌያለሁ» የሚል ነው፤ እርስዎም «ካሳ ፈተናውን አልፌያለሁ አለኝ» ማለት ነበረብዎት። «አልፏል አለኝ» ሲሉ ግን ካሳ ስለ ሦስተኛ ሰው እንደነገረዎት ተሰማ። ለተማሪው ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ «እኔ» የሚለውን መልክ እየተናገረ የሚናገረው ግን ስለ ካሳ ነው።

ይህ ጠባይ ለቋንቋ ሊቃውንት ጭምር አስገራሚ ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን፣ «እኔ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚያመለክተው አሁን የሚናገረውን ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ይህን የሚያዛውር መሣሪያም በተፈጥሮ ቋንቋ እንደማይገኝ ተከራክሮ ነበር። ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሲሞግት ካቀረባቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱ የአማርኛው «ጀግና ነኝ ይላል» የሚለው ዐይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ለእኛ ተራ የሆነው አነጋገር ለእነሱ የክርክር መነሻ መሆኑን ሳስበው፣ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ቢደናቀፉ አልፈርድባቸውም።

ሌላው የቅደም ተከተል ስህተት «ካሳ አለኝ ፈተናውን አልፌያለሁ» የሚለው ነው። የተናጋሪው ቃል የ«አለ» ተሳቢ ስለሆነ ከፊቱ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከልም ምንም ቃል አይገባም። ተናጋሪውና አድማጩ ሁለቱም ከቃሉ በፊት ይጠራሉ፤ «ካሳ ለአልማዝ ፈተናውን አልፌያለሁ አላት»።

«እንደ»ና «ብሎ» መቼ ይለያያሉ? «እንዳለፈ አለኝ» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። «አለ» የተናጋሪውን ቃል እንጂ በ«እንደ» የተለወጠ ሐረግ አይቀበልም። «እንዳለፈ» ካሉ ማሰሪያው «ነገረኝ»፣ «ገለጸልኝ»፣ «ጠየቀኝ» ወይም ይህን የመሰለ ግስ ይሁን። እነዚህ ግሶች ደግሞ በተራቸው የተናጋሪውን ቃል በቀጥታ አይወስዱም፤ መካከል ላይ ቦዝ አንቀጹ «ብሎ» ያስፈልጋቸዋል፤ «ፈተናውን አልፌያለሁ ብሎ ነገረኝ»። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ የተናጋሪው ቃልና «ብሎ»፣ ወይ «እንደ» ያለ «ብሎ»።

ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ የተለመደ ነው፤ መደባለቁም ሰውን ያዛባል። አንድ ሰው እኔን «የት ትሄዳለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በመጀመሪያው መንገድ «የት ትሄዳለህ ብሎ ጠየቀኝ» እላለሁ፤ ጠያቂው ያለው ቃል አልተነካም። በሁለተኛው መንገድ ግን ነገሩ ከእኔ አንጻር ስለሚነገር «የት እንደምሄድ ጠየቀኝ» ይሆናል። ተማሪው ከፊሉን ከአንዱ ከፊሉን ከሌላው ወስዶ «የት እንደምትሄድ ጠየቀኝ» ቢል፣ ጥያቄው ስለ አድማጩ ወይም ስለ አንዲት ሴት መስሎ ያርፋል። «የት እንደምሄድ ብሎ ጠየቀኝ» ቢል ደግሞ «እንደ»ና «ብሎ» ተደርበዋል፤ አንዱ መቅረት አለበት።

«ብሎ» ግስ መሆኑም አይዘንጋ። ከተናጋሪው ጋር ስለሚስማማ «ብላ»፣ «ብዬ»፣ «ብለው» እየሆነ ይለዋወጣል፤ «አልማዝ እመጣለሁ ብሎ ነገረችኝ» የሚል ተማሪ ቃሉን እንደ ማያያዣ ብቻ አድርጎ ሸምድዶታል። በዜና ጽሑፍ ላይ በ«ብሎ» ፈንታ «ሲል»፣ «ስትል»፣ «ሲሉ» ይገባሉ፤ እነሱም ወዲያው ከተናጋሪው ቃል በኋላ ይመጣሉ። ልዩነታቸው ባለቤቱ ከእነሱ በኋላ መምጣት መቻሉ ነው፤ «… ሲሉ ኃላፊው ገለጹ» የሚለው በጋዜጣ የተለመደ ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ግሱ ወደ ኀላፊ ይለወጣል። በአማርኛም «እንደመጣ ነገረኝ» ልበል?

ካሳ «እመጣለሁ» ካለ «እንደሚመጣ ነገረኝ» ይበሉ፤ ማሰሪያው ኀላፊ ቢሆንም ጥገኛው ግስ የራሱን ጊዜ ይዞ ይቀራል። «እንደመጣ ነገረኝ» ካሉ ሰውየው ደርሷል ማለት ነው። «እንዲመጣ ነገረኝ» ከእነዚህ ሁለቱ ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ ትእዛዝን ወይም ፍላጎትን የሚገልጽ የዘንድ አንቀጽ ነው፤ «እንዲመጣ ነገረው» ካልን መነሻው «ና አለው» ነበር።

«ትናንት» እና «ነገ» የመሳሰሉትን ቃላት የት ላስቀምጣቸው?

ይህ ሰዋስው የሚፈቅደውን ሁሉ ማስቀመጥ የማይበቃበት፣ አንባቢው ምን እንደሚገባው ማሰብ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው። «ካሳ ትናንት እንደመጣ ነገረኝ» በሚለው ውስጥ «ትናንት» የመጣበት ቀን ነው ወይስ የነገረኝ? ብዙው ሰው ለቅርቡ ግስ ይሰጠዋል፤ ለሩቁም ሊሆን ግን ይችላል። የነገረኝ ትናንት ከሆነ ቃሉን ከማሰሪያው አጠገብ ማምጣት ጥርጣሬውን ያጠፋል፤ «ካሳ እንደመጣ ትናንት ነገረኝ»። የመጣበት ትናንት ከሆነና መናገሩም ቀን ካለው ሁለቱንም በየግሳቸው ፊት ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ካሳ ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት እንደመጣ ነገረኝ»። ነጠላ ሰረዙ እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም።

«ነገ» ደግሞ የሚዘግበው ሰው በሚዘግብበት ቀን ይለካል። ካሳ ሰኞ ዕለት «ነገ እመጣለሁ» ብሎ እርስዎ ሐሙስ ሲጽፉት፣ በ«ብሎ» ከዘገቡት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ «ነገ» እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ በ«እንደ» ከዘገቡት ግን «በማግሥቱ እንደሚመጣ ሰኞ ዕለት ነገረኝ» ይበሉ፤ አለዚያ አንባቢው ካሳን ዓርብ ይጠብቀዋል።

የጻፍኩትን ራሴ እንዴት ልመርምር?

ከመጨረሻው ይነሡ። አራት ነጥቡ አጠገብ ያለው ግስ የማን ድርጊት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚያውቀው፣ የሚጠይቀው ወይም የሚናገረው ሰው ካልሆነ ማሰሪያው ከቦታው ወጥቷል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ከማሰሪያው በፊት ያለውን ግስ ይመልከቱ፤ «እንደ» ካለው ከኋላው «ብሎ» መኖር የለበትም፤ «እንደ» ከሌለውና የተናጋሪው ቃል ከሆነ ደግሞ «ብሎ» ወይም «አለ» ወዲያው ሊከተለው ይገባል። ለምሳሌ «ተማሪዋ ጠየቀችኝ መቼ ነው ፈተናው የሚጀመረው» የሚለውን ቢመረምሩ፣ መጨረሻው ላይ ያለው «የሚጀመረው» የተማሪዋ ድርጊት አይደለም። «ጠየቀችኝ»ን ወደ መጨረሻ ያመጣሉ፤ «ነው»ንና «የሚጀመረው»ን ወደ «እንደሚጀመር» ያጠቃልላሉ፤ «ፈተናው» ከጠያቂው ቃል በፊት ይገባል። የሚወጣው «ተማሪዋ ፈተናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀችኝ» ነው። የራሷን ቃል ማቆየት ከፈለጉ ደግሞ «ተማሪዋ ፈተናው መቼ ነው የሚጀመረው ብላ ጠየቀችኝ» ይበሉ፤ በዚህኛው «ነው» ከቦታው አይነሣም፣ የእሷ አነጋገር ነውና።